አፕ፣ ቱም ወይስ ቱ? የአንድ ሳይክል ወሬ በአምስት ዝምድና

ሰኞ ማታ

ሦስት ልጆች ለትምህርት ወደ ህንድ ሊሄዱ ነው፤ ማታ ማታ ሳሎኔ ውስጥ ሂንዲ አስተምራቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንደኛው «ሻይ ሻጩን አንተ ልበለው ወይስ እርስዎ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሂንዲ ለአንድ ሰው ሦስት መጥሪያ እንዳለው ነገርኩትና በሰሌዳው ላይ ጻፍኩለት፦ አፕ ለአክብሮት፣ ቱም ለእኩያ፣ ቱ ለቅርብ ሰው። ጽፌ ስጨርስ ግን ራሴ አላመንኩበትም።

ዴልሂ የገባሁት ይህንኑ ሠንጠረዥ በጭንቅላቴ ይዤ ነበር። ከዚያ በፊት የማውቀው ሂንዲ የፊልም ሂንዲ ነው። በፊልም ዘፈን ውስጥ ደግሞ ቱ እንደ ልብ ይፈስሳል፤ ፍቅረኛም ቱ ነው፣ ፈጣሪም ቱ ነው። እናም የምኖርበትን ግቢ ዘበኛ፣ አባቴ የሚሆን ሰው፣ በመጀመሪያው ሳምንት በቱ ጠራሁት። አልተናገረኝም። በሩን ሲከፍትልኝ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው ማዞር ጀመረ፤ ምክንያቱን የነገሩኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሠንጠረዡን ትቼ ሌላ ነገር ልሞክር። አንድ አጭር ንግግር እጽፋለሁ፤ ያንኑ ንግግር በአምስት ዓይነት ዝምድና ውስጥ ላሉ ሰዎች መልሼ መላልሼ እጽፈዋለሁ። ታሪኩ አይለወጥም፦ አንዱ ሳይክል ይዋሳል፣ ሌላው ስለ ትናንት ጃንጥላ ይጠይቃል። ሥራውን የሚያዩልኝ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ዴልሂ ተወልዶ ያደገ የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ሁለተኛዋ የቀድሞ አከራዬ ናቸው፤ የላክናው ከተማ ተወላጅ ናቸው፤ እኔ «አንቲ ጂ» ነው የምላቸው፤ በአክብሮት «አክስቴ» እንደማለት። አንቺም አንቱም ያልሆነ መጠሪያ ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ላስይዝ። የሂንዲን አጭር «ኧ» በግዕዝ ፊደል፣ ረጅሙን በራብዕ እጽፋለሁ። ፊደላችን ለዚህ ሲመች! «ከር» እና «ካር» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ሳይምታቱ ይነበባሉ። በትንፋሽ የሚነገሩትን ድምፆች ግን ለይቼ አልጽፍም።

መነሻው ጽሑፍ በቱም ይኸው፦

ሀ፦ ቱም ከሃን ጃ ረሄ ሆ?
ለ፦ ባዛር ጃ ረሃ ሁን። ክያ ቱም ሙጄ ኧፕኒ ሳይክል ዶጌ?
ሀ፦ ቱምሄን ክዮን ቻሂዬ? ቱምኔ ከል ሜሪ ቸትሪ ሊ ቲ፣ ቮ ከሃን ሄ?
ለ፦ ማፍ ከሮ፣ ሜን ቡል ገያ።
ሀ፦ ኧቻ፣ ሌ ሎ። ሻም ተክ ሌ አና።
ለ፦ ቺንታ መት ከሮ።

በአማርኛ፦ ወዴት እየሄድክ ነው? ገበያ እየሄድኩ ነው፤ ሳይክልህን ትሰጠኛለህ? ለምን ፈለግከው? ትናንት ጃንጥላዬን ወስደህ ነበር፤ የት አለ? ይቅርታ አድርግልኝ፣ ረሳሁት። እሺ፣ ውሰድ፤ እስከ ምሽት አምጣው። አታስብ።

ማክሰኞ

ስንፍና መጣብኝ። ኮምፒውተሩ ቱምን እየፈለገ በአፕ እንዲተካልኝ አዘዝኩት፤ በአንድ ጊዜ የአክብሮቱ ጽሑፍ ይወጣል ብዬ። የወጣው ይህ ነው፦

```
तुम     → आप
तुमने    → आपने
तुम्हें    → आप्हें
```

ሁለተኛው እንዳጋጣሚ ልክ ሆነ። ሦስተኛው ግን «አፕሄን» የሚል፣ በየትኛውም የህንድ መንደር የማይነገር ቃል ነው፤ ትክክለኛው «አፕኮ» ነው። የከፋው ደግሞ ቃሉ ያልተጠራበት ቦታ ሁሉ እንዳለ መቅረቱ ነው። «ማፍ ከሮ» ውስጥ ቱም የሚል ቃል የለም፤ ግን ግሱ ራሱ የቱም ነው። «ሌ ሎ»ም እንዲሁ። አፕ ብሎ የጀመረ ሰው በአምስተኛው መስመር ላይ «ውሰድ» ብሎ ያርፈዋል።

ኮምፒውተሩን ዘግቼ በእርሳስ መሥራት ጀመርኩ። እያንዳንዱን ግስ ከሦስቱ ጋር አጋጠምኩት። «አድርግ» የሚለው ለቱ ከር፣ ለቱም ከሮ፣ ለአፕ ኪጂዬ ይሆናል። «ውሰድ» ደግሞ ሌ፣ ሎ፣ ሊጂዬ። «ትሰጣለህ» ዴጋ፣ ዶጌ፣ ዴንጌ። «እየሄድክ ነው» ጃ ረሃ ሄ፣ ጃ ረሄ ሆ፣ ጃ ረሄ ሄን። የመጨረሻዋን «ሄን» ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ሰዎችን በሦስተኛ መደብ ስናወራ የምንጠቀምባት ያችው ናት። እኛም «እርስዎ ይመጣሉ» ስንል ግሱ የ«እነሱ ይመጣሉ» ግስ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ዘዴ አግኝተዋል።

መመሳሰሉ በዚህ አያበቃም። አፕ ከሳንስክሪቱ «አትመን» የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙ «ራስ»፣ የሰው ማንነት። የእኛ እርስዎም የተሠራው «ርእስ» ከሚለው የግዕዝ ቃል ነው፤ እሱም ራስ ነው። ሁለቱም ሕዝቦች የሚያከብሩትን ሰው ፊት ለፊት ከመጥራት ይልቅ «ራስዎ» ብለው ጎን ለጎን ነኩት።

ይህን ያነሣሁት ለወግ ብቻ አይደለም፤ በሁለተኛው መስመር ያለች አንዲት ወጥመድን ይፈታል። «ኧፕኒ ሳይክል» የሚለው «የራስህን ሳይክል» ማለት ነው፤ ከአፕ ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው፣ ግን አክብሮት የለበትም። ለቱም፣ ለቱምም፣ ለአፕም ያው ኧፕኒ ነው። ከተማሪዎቼ አንዷ የቤት ሥራዋ ላይ በአክብሮት መልክ ስትጽፈው «አፕኪ ሳይክል» ብላ ለወጠችው፤ ሰውየው እየከበረ ሲሄድ ሳይክሉም አብሮ መክበር ያለበት መስሏት። ባለቤቱና የዓረፍተ ነገሩ ባለድርጊት አንድ ሰው ሲሆኑ ኧፕኒ አይነካም።

ረቡዕ

የመጀመሪያው ጥንድ፦ በአንድ ክፍል የሚኖሩ ሁለት ወንድ ተማሪዎች፤ አብረው ከኖሩ ስድስት ወር ሆኗቸዋል። ቱ በቱ። ቀላሉ ይህ ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት።

ግሶቹን ለወጥኩ፤ «ቱ ከሃን ጃ ረሃ ሄ?»፣ «ቱጄ ክዮን ቻሂዬ?»፣ «ቱኔ ከል ሜሪ ቸትሪ ሊ ቲ»፣ «ማፍ ከር»፣ «ሌ ሌ»። «ሌ አና» አልተነካም፤ በዋናው የግስ ስም ማዘዝ ለቱም ለቱምም አንድ ነው፤ ሲሰማም ጥድፊያ የሌለበት፣ «በኋላ ታደርገዋለህ» የሚል ትእዛዝ ነው። ለዴልሂው ጓደኛዬ ላክሁለት። መልሱ አጭር ነበር፦ ሰዋስው ልክ ነው፤ ሰዎቹ ግን አይተዋወቁም።

አራተኛውን መስመር ነበር የጠላው። ለስድስት ወር የክፍል ጓደኛው «ማፍ ከር» የሚል ወጣት የለም፤ ወይ ከልቡ አልቅሶ ይቅርታ እየለመነ ነው፣ ወይ መጽሐፍ እያነበበ ነው። «ሶሪ ያር» አድርገው አለኝ። ያር ማለት ወዳጄ ነው። ሁለተኛውም መስመር «ክያ ቱ ሙጄ ኧፕኒ ሳይክል ዴጋ?» ከሚል «ያር፣ ሳይክል ዴ ና» ቢል ይበቃዋል፤ «ሳይክሉን ስጠኝማ» እንደማለት። በቱ የሚነጋገሩ ሰዎች ጥያቄ አይጠይቁም፤ ያዝዛሉ፣ ትእዛዙም አያስከፋም። ሙሉው ጥያቄ በቱ ሲቀርብ እንዲያውም ጥርጣሬ አለበት፦ «አንተ ሳይክልህን ልትሰጠኝ ነው?» የሚል።

ከዚህ በኋላ የሥራውን ቅደም ተከተል ለወጥኩት። መጀመሪያ ግሱን አልነካም። መጀመሪያ በወረቀቱ ጥግ ሁለት ቀስት እሥላለሁ፤ ከሀ ወደ ለ፣ ከለ ወደ ሀ። በእያንዳንዱ ቀስት ላይ መጥሪያውን እጽፋለሁ። ቀጥሎ በዚያ መጥሪያ የሚነጋገሩ ሰዎች ያንን ነገር ጨርሶ ይሉታል ወይ ብዬ መስመሩን አነባለሁ። ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ሐሙስ

መብራት አልነበረም።

ዓርብ

ታላቅ ወንድምና ታናሽ እህት። ሁለቱ ቀስቶች የማይመሳሰሉበት የመጀመሪያው ጥንድ ስለሆነ ሌሊቱን ግማሽ ወሰደብኝ።

ከላይ ወደ ታች ቱ፤ ከታች ወደ ላይ አፕ። ወንድም «ቱ ከሃን ጃ ረሂ ሄ?» ይላል። ረሃ ረሂ ሆነ፤ ምክንያቱም የምትሄደው ሴት ናት። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ግራ የሚያጋባ ቦታ ነው። እኛ ወንድና ሴትን የምንለየው ከመጥሪያው ጀምሮ ነው፤ አንተ፣ አንቺ። ሂንዲ መጥሪያውን ለሁለቱም አንድ አድርጎ ልዩነቱን ግሱ ላይ ይሰቅለዋል። እኛ ስናከብር ጾታው ይጠፋል፤ እርስዎ ወንድም ሴትም ነው፣ «ይሄዳሉ»ም እንዲሁ። በሂንዲ ግን አክብሮት ጾታን አያጠፋም፦ አባትን «አፕ ጃ ረሄ ሄን»፣ እናትን «አፕ ጃ ረሂ ሄን» ነው የሚሉት። ተማሪዎቼ ይህን ሁሌም ይረሳሉ፤ አፕ ካሉ በኋላ ሴትየዋን ወንድ ያደርጓታል።

እህት ስለ ራሷም ስትናገር ሴት ናት፦ «ባዛር ጃ ረሂ ሁን»፣ «ሜን ቡል ገኢ»። ወንድሟን ስሙን አትጠራም፤ «በይያ» ትለዋለች፤ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። መስመሩም «በይያ፣ አፕ ሙጄ ኧፕኒ ሳይክል ዴንጌ?» ሆነ።

ለሁለቱም ላክሁ። አንቲ ጂ ወዲያው ደውለው አጸደቁት። ጓደኛዬ ግን «ይህች ልጅ ከወንድሟ ጋር ተጣልታለች እንዴ?» አለኝ። በእሱ ቤት እህቱ «በይያ፣ አፕ ኧፕኒ ሳይክል ዶጌ?» ነው የምትለው። አፕ ብላ ትጀምራለች፤ ግሱን ግን ከቱም ትወስዳለች። የሰዋስው መጽሐፍ ይህን ስህተት ይለዋል። ማክሰኞ ዕለት ኮምፒውተሩ ያበላሸው ጽሑፍም ግማሹ ይህን ይመስል ነበር! በዴልሂ ግን በየቤቱና በየሱቁ ይሰማል፤ «አፕ ቤቶ»፣ «አፕ በታኦ»፤ ይቀመጡ፣ ይንገሩኝ። መጥሪያው ያከብራል፣ ግሱ ያቀርባል። ሙሉው «ዴንጌ» በእሱ ጆሮ ቀዝቃዛ ነው፤ ልጅቷ ቅር ተሰኝታ እንደ እንግዳ እያናገረችው ነው።

ይህን ለአንቲ ጂ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ቤታ»፣ ልጄ፣ «ያ የዴልሂ ነው» አሉኝ፤ ከዚህ በላይ ፍርድ አያስፈልግም በሚል ድምፅ። በላክናው የጥንት ቤቶች ትንሽ ልጅም በአፕ ነው የሚጠራው፤ ልጁ አፍ ሲፈታ በአክብሮት እንዲፈታ። ስለ ከተማው ሰዎች የሚነገረው ቀልድም የታወቀ ነው፦ ሁለት ጨዋዎች በባቡሩ በር ላይ «ፔህሌ አፕ»፣ እርስዎ ይቅደሙ፣ እየተባባሉ ባቡሩ ሄደባቸው።

ሁለቱም ትክክል ስለሆኑ ምርጫው የእኔ ሆነ። ልጆቹ የሚሄዱት ወደ ዴልሂ ነው። ሆኖም «አፕ ዶጌ»ን ከአፋቸው እንዲያወጡት አልፈልግም፤ የውጭ ሰው ሲለው ቅርበት ሳይሆን ስህተት ይመስላል። ስለዚህ በጽሑፌ ውስጥ እህት «ዶጌ» ትላለች፤ ከጎኑ ግን «ስሙት፣ አትበሉት» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ

አከራይና ተከራይ። አንቲ ጂን ራሳቸውን ወደ ጽሑፉ አስገባኋቸው ማለት ነው። ከእኔ ወደ እሳቸው አፕ፤ ከእሳቸው ወደ እኔ ቱም።

ቱም እንዴት ዓይነት መጥሪያ እንደሆነ የገባኝ በእሳቸው ቤት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሦስቱን ሲያይ አፕን እርስዎ ያደርገዋል፣ ቱን አንተ ያደርገዋል፣ ቱም ትርፍ ሆኖበት መሐል ላይ ይቀራል። እንዲህ አይደለም። የእኛ አንተ ከሚውልበት ቦታ አብዛኛውን በሂንዲ የያዘው ቱም ነው፦ ባል ለሚስት፣ አለቃ ለወጣት ሠራተኛ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ልጅ፣ የሥራ ባልደረባ ለእኩያው። ቱ ከዚያ በጣም ጠባብ ቦታ ነው ያለው፤ ወይ እጅግ የቀረበ፣ ወይ እጅግ የተናቀ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚለየው ድምፁና ታሪኩ ብቻ ነው። እግዚአብሔርን በቱ የሚጠሩት በቅርበቱ በኩል ነው፤ እኛም በጸሎት «አንተ» እንላለን እንጂ «እርስዎ» አንልም፤ ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ወዲያው ገባቸው። አንቲ ጂ አራት ዓመት አስቀምጠውኝ አንድ ቀን ቱ ብለውኝ አያውቁም፤ ቱም ብለው «ቤታ» ይጨምሩበታል፤ ልጄ። ለሴት ልጃቸውም «ቤታ» ነበር የሚሉት።

አሁን ንግግሩን ገለበጥኩት። ሳይክሉ የተከራዩ ነው፤ የምትዋሰው አከራይ ናት፤ ጃንጥላውንም የወሰደችው እሷ ናት። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ሥራው ቆመ። ተከራዩ «አፕኔ ከል ሜሪ ቸትሪ ሊ ቲ፣ ቮ ከሃን ሄ?» ይላል። ሰዋስው እንከን የለበትም፤ መጥሪያው አፕ ነው። ግን ማን ደፍሮ ይለዋል? «ትናንት ጃንጥላዬን ወስደው ነበር፤ የት አለ?» ብሎ እናቱ የምትሆን ሴት ላይ የሚጮህ ልጅ እርስዎ ስላለ ብቻ አይከብርም።

ለዚህ ሂንዲ ራሱ መውጫ አለው። ተሻጋሪ ግስ ባለፈ ጊዜ ሲነገር «ኔ» ከባለድርጊቱ ጋር ይጣበቃል፤ ግሱም ከሰውየው ተላቆ ከተወሰደው ነገር ጋር ይስማማል። «ሊ ቲ» ሴቴ የሆነችው ቸትሪ ሴቴ ስለሆነች ነው፤ የወሰደው ቱም ሆነ አፕ ግሱ ግድ የለውም። ደረጃው ያለው «አፕኔ» በምትለው ቃል ላይ ብቻ ነው። እሷን ከጣልናት «ከል ሜሪ ቸትሪ ሊ ቲ» ይቀራል፤ በውስጡ አክብሮትም ንቀትም የለም። በአማርኛ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ወሰድክ፣ ወሰድሽ፣ ወሰዱ፤ ግሱ ሰውየውን ይዞ አይለቅም።

እንዲህ ያሉ ከደረጃ ነጻ የሆኑ አባባሎችን መሰብሰብ ጀመርኩ። የባለሦስት እግር ታክሲ ነጂ ተሳፋሪውን «ከሃን ጃና ሄ?» ይለዋል፤ ወዴት መሄድ ነው፣ እንደማለት። ባለሱቁ «ክያ ቻሂዬ?» ይላል፤ ምን ያስፈልጋል። ሁለቱም ፊት ለፊታቸው የቆመው ሰው ማን እንደሆነ ገና አያውቁም፤ ቋንቋው እስኪያውቁ ድረስ ያስጠልላቸዋል። ለልጆቹ ለመጀመሪያው ሳምንት ከዚህ የተሻለ ስንቅ አላገኘሁላቸውም፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አስገባኋቸው።

የተከራዩ መስመር ግን አሁንም ነቀፋ አለበት። ለአንቲ ጂ ደውዬ «እርስዎ ቢሆኑ ምን ብልዎ ነበር የሚሻልዎ?» አልኳቸው። ሳቁና «አንተ እኮ ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ እያየሁህ በዝናብ ትሄድ ነበር» አሉኝ። ከዚያ አብረን አዘጋጀነው፦ «አንቲ ጂ፣ ቮ ከል ዋሊ ቸትሪ...»። ያቺ የትናንቷ ጃንጥላ... ብሎ መተው። ግስ የለም፤ ከሳሽ የለም። መልሷም ተለወጠ፤ «ማፍ ኪጂዬ» አትልም፣ ተከራይዋን ነው የምታናግረው፤ «ኧሬ ቤታ፣ ሜን ቡል ገኢ» ትላለች።

ሳይክሉንም ሲሰጣት «ሌ ሊጂዬ» ነው። «እስከ ምሽት ያምጡት» የሚለውን «ሌ አይዬጋ» ብዬ ጽፌው ነበር፤ መጨረሻ ላይ «ጋ» ሲጨመር ልመናው ይለሰልሳል፣ ጊዜውም ይርቃል። በመጨረሻ ግን ሰረዝኩት። ለአከራይ ቀነ ገደብ አይሰጥም።

እሑድ

ባልና ሚስት። ፈጥኜ ጨረስኩት፤ የአማርኛ አንባቢ ይህን ያውቀዋል። በአሮጌው ቤት ሚስት አፕ ትላለች፣ ባል ቱም ይላል፤ ስሙን አትጠራም፤ «ሱኒዬ» ብላ ትጀምራለች፣ «ይስሙኝማ»። ሴት አያቴም ወንድ አያቴን አንቱ ይሉ ነበር። በአዲሱ ቤት ቱም በቱም ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጥኩ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በአዲሱ ቤት ሚስት በድንገት አፕ ካለች ጠብ አለ። «አፕ ሌ ሊጂዬ ኧፕኒ ሳይክል»፤ ይውሰዱ ሳይክልዎን። ከፍ ማለትም ይጎዳል።

ማክሰኞ

የመጨረሻው ጥንድ ደንበኛና ሳይክል አከራይ ባለሱቅ ነው፤ እነዚህ ይጣላሉ። መጥሪያው በመሐል የሚወርድበት ንግግር ስለሆነ እስከ መጨረሻው አቆይቼው ነበር።

የሚጀምሩት አፕ በአፕ ነው። ደንበኛው ባለሱቁን «በይያ» ይለዋል፤ ይህ ወንድሜ ማለቱ ሳይሆን ሥራ ላይ ላለ ሰው የሚሰጥ ጨዋ መጠሪያ ነው። ጠቡ የሚነሣው በጃንጥላው ሰበብ ነው፤ ባለሱቁ «ትናንት የወሰዱትን ጃንጥላ ሳይመልሱ ሳይክል የለም» ይላል።

የመጀመሪያ ጽሑፌ ላይ ደንበኛው ሦስት ጊዜ ነበር ደረጃ የሚቀያይረው፤ ተቆጥቶ ቱ ይላል፣ ከዚያ ቱም፣ ከዚያ መልሶ አፕ። ጓደኛዬ «ሰካራም ነው?» አለኝ። አንድ ሰው አንዴ ከወረደ በዚያው ጠብ ውስጥ አይመለስም፤ ከተመለሰ ይቅርታ ጠየቀ ማለት ነው። ስለዚህ ደረጃ በደረጃ አወረድኩት፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ መስመር ብቻ፦

ደንበኛ፦ አፕ ክያ ባት ከር ረሄ ሄን?
ባለሱቅ፦ ሜን ቲክ ከህ ረሃ ሁን።
ደንበኛ፦ ቱም ሆቴ ኮን ሆ?
ባለሱቅ፦ ተሚዝ ሴ ባት ኪጂዬ።
ደንበኛ፦ ቱ ጃንታ ነሂን ሜን ኮን ሁን?
ባለሱቅ፦ ቱ-ተራክ መት ኪጂዬ።

በአማርኛ ስተረጉመው አንዱ ደረጃ ከእጄ ጠፋ፦ ምን እያሉ ነው? ልክ ነው የምለው። አንተ ማን ነህና? በሥርዓት ይናገሩ። እኔ ማን እንደሆንኩ አታውቅም? አንተ አይበሉኝ። ከእርስዎ ወደ አንተ አንድ ደረጃ ብቻ ነው ያለን፤ ቱም ላይ ሲደርስ መሰላሉ ያልቅብኛል። ለሁለተኛው መውረድ «አንተ ሰውዬ» ብዬ ሞከርኩ፤ ይቀርባል፣ ግን በቃል ጨምሬ ነው ያገኘሁት።

መጀመሪያ ባለሱቁም ይወርድ ነበር። ወደ ኋላ ተመልሼ ሳነበው ግን ሁለቱ ሲወርዱ ጠቡ ጩኸት ብቻ ሆነ። አንዱ ቱ ሲል ሌላው «ኪጂዬ» ላይ ከቆመ የወረደው ሰው ብቻውን ታች ይታያል። «ቱ-ተራክ» ማለት ሰውን ቱ እያሉ ማቃለል ነው፤ ለድርጊቱ ስም አውጥተውለታል። ሁለቱም ከወረዱ ደግሞ «ቱ-ቱ ሜን-ሜን» ይባላል፤ አንተ-አንተ፣ እኔ-እኔ፤ ጭቅጭቅ ማለት ነው። በእኛ «አንተ ትብስ፣ አንቺ ትብስ» ተባብለው ኖሩ ሲባል በመከባበር መኖር መሆኑን ስነግረው ጓደኛዬ ማመን አቃተው።

ይህን ጽሑፍ በተመለከተ አንድ ገደብ በኅዳጉ ላይ ጻፍኩ። የቱ ስድብነት ለዴልሂና ለላክናው ዓይነት ከተማ ነው። የሙምባይ የመንገድ ሂንዲ ቱን በልግስና ይበትነዋል፤ እዚያ ባለሱቁ ቱ ስለተባለ ብቻ ጠብ አይነሣም።

ሐሙስ ማታ

ሦስቱ ልጆች አምስቱንም ጽሑፎች ጮክ ብለው አነበቡ። የሚያናግሩትን ሳይሆን ቀስቱን እያዩ እንዲያነቡ ነገርኳቸው። እህትና ወንድም ላይ ተሳሳቱ፤ ወንድምን የሚያነበው ልጅ እህቱ አፕ ስትለው እሱም በአፕ መለሰላት፤ ጨዋነት ተላላፊ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲያነብ አስተካከለው።

የመጀመሪያውን ጥንድ፣ የክፍል ጓደኛሞቹን፣ ሲያነቡ ግን ያቺ «አፕኪ ሳይክል» ያለችው ልጅ አቋረጠችኝ። «ሦስት ከሆኑስ? በአንድ ክፍል ሦስት ነው የሚኖሩት ተብለናል። በሩን ከፍቼ ሁለቱን አንድ ላይ ስጠይቃቸው ምን እላለሁ?»

አላሰብኩበትም ነበር። ቱ ብዙ ቁጥር የለውም። ለየብቻ ቱ የምትላቸው ሁለት ጓደኞች አንድ ላይ ሲሆኑ «ቱም ሎግ» ይሆናሉ፤ ሎግ ሰዎች ማለት ነው። የምታከብራቸው ከሆኑ «አፕ ሎግ»። በእኛ አንተም እርስዎም ሲበዙ እናንተ ብቻ ስለሆኑ ጥያቄው ከአንደበቴ ርቆ ነበር። በመጀመሪያው ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ በሩ ይከፈታል፣ ሁለቱ ሊወጡ ነው፤ «ቱም ሎግ ከሃን ጃ ረሄ ሆ?»። ጠያቂዋም ተጠያቂዎቹም ሴቶች እንዲሆኑ ፈለገች፤ ስለዚህ «ረሂ ሆ» ሆነ፤ «ያር» ግን እንዳለ ቀረ፣ ለሴትም ያር ነው። ወረቀቱ ነገ ጠዋት ለፎቶ ኮፒ ይሄዳል።